ከ12,000 ብር ደሞዝ ላይ የ36,000 ብድር ሲቆረጥ እጅ ላይ ስንት ይቀራል?

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ያልተጣራ ደሞዜ 12,000 ብር ነው። ሐይቅ ያለችው እናቴ የቤቷ ጣሪያ ስላረጀ ከመሥሪያ ቤቴ 36,000 ብር ልበደር ነው። በ12 ወር ከደሞዝ ይቆረጣል፣ ወለዱ 10 በመቶ ነው። ኤች አር ጋ ስጠይቅ "የደሞዝሽ ሩብ ቢሆን ነው" አሉኝ። ከጥር ጀምሮ በየወሩ እጄ ላይ ስንት ይደርሰኛል? ብድሩ ሲቆረጥ ግብሩስ ይቀንስልኛል?»

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የመጀመሪያውም መልስ የሚገኘው እዚያው ነው። ግብሩ አይቀንስም። ብዙ ሰው «ደሞዜ ከተቆረጠ ግብሩም በቀረው ላይ ነው የሚሰላው» ብሎ ያስባል። ፔሮል ግን እንደዚያ አይሠራም። ግብርና ጡረታ የሚሰሉት ብድሩ ገና ሳይነካ፣ ባልተጣራው ደሞዝ ላይ ነው። ብድሩ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ፣ የአንቺ ከሆነው ገንዘብ ነው።

በአንቺ ደሞዝ እንየው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የግብር ሠንጠረዥ 12,000 ብር 30 በመቶ እርከን ውስጥ ይገባል። ይህ ማለት ግን ሙሉው ደሞዝሽ ላይ 30 በመቶ ትከፍያለሽ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ ቀጥሎ ያለውም በዝቅተኛ መጠን ነው የሚሰላው። ሂሳብ ክፍሎች በአጭሩ ሲያሰሉት ደሞዙን በ30 በመቶ ያባዙና 1,350 ይቀንሱለታል። 3,600 ሲቀነስ 1,350፣ 2,250 ብር። ግብርሽ ይህ ነው። ጡረታ 7 በመቶ ነው፣ 840 ብር። ሁለቱ ሲነሱ 8,910 ብር ይቀርሻል። እድር፣ የማህበር መዋጮ፣ ሌላ ተቆራጭ ከሌለብሽ አሁን በየወሩ የምትቀበይው ይህን ነው። ፔይ ስሊፕሽን አውጥተሽ አመሳክሪው። ካልገጠመ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ብድሩን ከመፈረምሽ በፊት እወቂው፤ በኋላ ከብድሩ ጋር ይደባለቅብሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በገቢ ግብር ደንቡ አሠሪ ከገበያው ባነሰ ወለድ የሚሰጠው ብድር ለሠራተኛው እንደ ጥቅም ሊቆጠርና ግብር ሊሰላበት ይችላል። ስለዚህ ከጥር በኋላ የግብሩ መስመር ከ2,250 ከፍ ብሎ ካየሽው ሂሳብ ክፍሉን ጠይቂ፤ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚህ በታች የምሠራው ስሌት ይህን አላስገባም።

አሁን ወደ «ሩብ» እንምጣ። ኤች አር አልዋሹሽም። ከ36,000 ብር ላይ የዓመት 10 በመቶ ወለድ 3,600 ነው። ድምሩ 39,600፣ ለ12 ሲካፈል በወር 3,300 ይመጣል። 3,300 ከ12,000 ላይ ስታዪው 27 ከግማሽ በመቶ ነው፤ ሩብ ትንሽ አለፍ ያለ። ችግሩ አንቺ 12,000 ብርን አይተሽው አታውቂም። አንቺ የምታውቂው 8,910ን ነው። 3,300 ከ8,910 ላይ 37 በመቶ ይሆናል። ጆሮ ላይ ሩብ፣ ኪስ ላይ ከሲሶ በላይ። የጥር ደሞዝሽ 5,610 ብር ነው የሚሆነው። የቤት ኪራይሽን፣ ለእናትሽ የምትልኪውን፣ አስቤዛሽን ከዚህ ቁጥር ላይ ነው ማስላት ያለብሽ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ከጥር ወር ፔይ ስሊፕ ላይ ማወቅ አትችይም። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

«10 በመቶ ወለድ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ስሌቶችን ሊይዝ ይችላል። አንደኛው አሁን የሠራሁት ነው፤ ወለዱ በሙሉው 36,000 ላይ አንዴ ተሰልቶ ለ12 ይከፋፈላል። ብድሩን እየከፈልሽ ብትሄጂም ወለዱ አይቀንስም። በአሥራ ሁለተኛው ወር ያለብሽ ዋና ገንዘብ 3,000 ብር ብቻ ሆኖ ሳለ ልክ 36,000 እንዳለብሽ ያህል 300 ብር ወለድ ትከፍያለሽ። ሁለተኛው በቀሪ እዳ ላይ የሚሰላ ነው። በየወሩ 3,000 ከዋናው ይነሳል፣ ወለዱም በቀረው ላይ ብቻ ይታሰባል።

ሁለተኛውን እንከተለው። በጥር ቀሪ እዳሽ 36,000 ነው። 10 በመቶው 3,600፣ ለ12 ሲካፈል 300 ብር። ከ3,000 ዋና ጋር 3,300። አየሽ? የመጀመሪያው ወር በሁለቱም ስሌት አንድ ነው። ሁለቱም 5,610 ነው የሚያስረክቡሽ። በየካቲት ግን እዳሽ 33,000 ይሆናል፣ ወለዱ 275 ብር፣ ተቆራጩ 3,275። እጅሽ ላይ 5,635 ይደርሳል። ከዚያ በየወሩ 25 ብር እየጨመረ ይሄዳል። በሐምሌ 5,760 ነው። በታኅሣሥ፣ በመጨረሻው ወር፣ ተቆራጩ 3,025 ሆኖ 5,885 ትቀበያለሽ።

በወር 25 ብር ምን ታደርጊበታለሽ፣ እውነት ነው። አንድ ላይ ሲደመር ግን በቀሪ እዳ ስሌት የምትከፍይው ጠቅላላ ወለድ 1,950 ብር ነው፤ በመጀመሪያው ስሌት 3,600። ልዩነቱ 1,650 ብር። ለጣሪያው ሥራ ጥቂት ቆርቆሮና ሚስማር አያጣም። በሌላ አነጋገር፣ ወለዱ በሙሉው ብድር ላይ ከተሰላ «10 በመቶ» የተባለው በቀሪ እዳ ሲመዘን ወደ 18 በመቶ ይጠጋል።

አንዳንድ ቦታ ሦስተኛ መልክ አለው። በቀሪ እዳ ላይ ያሰሉና በየወሩ እኩል እንዲሆን ያደርጉታል። በአንቺ ብድር 3,165 ብር አካባቢ ይመጣል። ተቆራጩ ስላልቀነሰ ብቻ ወለዱ በሙሉው ላይ ነው የተሰላው ብለሽ እንዳትጣዪ። መለያው ቁጥሩ ነው፦ 3,300 ሆኖ ከቀጠለ ወለዱ በሙሉው ላይ ነው፤ 3,165 ሆኖ ከቀጠለ በቀሪው ላይ ነው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ኤች አርን «ወለዱ ስንት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። እሱንማ ነግረውሻል። «የየካቲት ተቆራጬ ስንት ነው? የሰኔስ? የታኅሣሥስ?» በያቸው። የአሥራ ሁለቱንም ወር የክፍያ ሠንጠረዥ በወረቀት አትመው ይስጡሽ። በኤክሴል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሠንጠረዥ የለንም የሚል ሂሳብ ክፍል ካጋጠመሽ በየወሩ ስንት እንደቀረብሽ በኋላም ሊነግርሽ አይችልም ማለት ነው።

ጊዜውን ማርዘም ይሻልሽ እንደሆነ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ልንገርሽ። ይህ ብድር በ18 ወር ቢሆን ከዋናው በየወሩ የሚነሳው 2,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ወር ተቆራጭ 2,300፣ እጅሽ ላይ የሚደርሰው 6,610። በ12 ወሩ ከነበረው 1,000 ብር ይበልጣል። በቀሪ እዳ ከተሰላ ጠቅላላ ወለዱ 2,850 ብር ይሆናል። ከ12 ወሩ ጋር ያለው ልዩነት 900 ብር ነው። በየወሩ ወደ አንድ ሺህ ብር እንዲተነፍስልሽ በጠቅላላው 900 ብር መክፈል ለእኔ የሚያዋጣ ነገር ነው፤ በተለይ ቤት ተከራይተሽ የምትኖሪ ከሆነ። ወለዱ በሙሉው ላይ የሚሰላ ከሆነ ግን በ18 ወር 5,400 ብር ይደርሳል። ያኔ አልመክርሽም፤ በ12 ጨርሺው። የጊዜው ርዝመት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በስሌቱ ዓይነት ነው።

አሁን ሕጉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪው ከደሞዝሽ ላይ ሊቆርጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ወይም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። የምትፈርሚው ወረቀት ያ ስምምነት ነው። ስትስማሚም ጣሪያ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ያንቺ ሲሶ 4,000 ብር ነው። እኔ በሠራሁባቸው ሂሳብ ክፍሎች ግብርና ጡረታን ለብቻ አድርገን ሌሎቹን ተቆራጮች ነበር ከዚህ ጋር የምናስተያየው። 3,300 ያልፋል። የሚተርፈው 700 ብር ነው። የፋብሪካው ቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥ ገብተሽ በወር 500 የምትቆጥቢ ከሆነ 200 ብር ብቻ ይቀራል። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ የደሞዝ ቅድሚያ ብትጠይቂ «አይቻልም» ቢሉሽ ክፋት አይደለም፤ ቦታው ሞልቶ ነው። እንደውም እሺ የሚልሽ ነው የሚያሰጋው።

ይህ ሲሶ የማያየው ነገር ግን አለ። እቁብ ፔሮል ውስጥ የለም። የቤት ኪራይ የለም። የሱቁ ዱቤ የለም። ለምሳሌ ኪራይሽ 3,000፣ እቁብሽ 1,000 ቢሆን፣ ከጥር ወሩ 5,610 ላይ ለምግብና ለሌላው 1,610 ብር ነው የሚቀርሽ። ሕጉ ይፈቅደዋል፣ ሂሳብ ክፍሉም ያጸድቀዋል። ሆዱ ግን ያንቺ ነው። እቁቡን ካልበላሽ ዳኛውን አነጋግረሽ ዕጣሽን ወደፊት ማምጣት ይቻል እንደሆነ እይ። ያ ገንዘብ ቶሎ ከደረሰሽ ምናልባት 36,000 መበደርም ላያስፈልግሽ ይችላል። አነስ ያለ ብድር በቂ ነው።

በመሃል ደሞዝሽ ቢለዋወጥስ? በሐምሌ 1,000 ብር ጭማሪ አገኘሽ እንበል። 13,000 ላይ ግብሩ 2,550፣ ጡረታው 910፣ ተጣርቶ 9,540 ነው። ከአንድ ሺው ጭማሪ 630 ብር ነው ኪስሽ የሚገባው። ተቆራጩ ግን ከጭማሪው ጋር አያድግም፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ በቀሪ እዳ ስሌት የሐምሌ ደሞዝሽ 9,540 ሲቀነስ 3,150፣ 6,390 ብር ይሆናል። ኦቨርታይም ደግሞ ይበልጥ ይደርስሻል፤ ጡረታ ስለማይቆረጥበት ከአንድ ሺህ ብር ኦቨርታይም 700ው ይገባልሽ። ግን በኦቨርታይም ተማምነሽ ብድር አትውሰጂ። ጥጥ ወይም መለዋወጫ የጠፋ ቀን መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሕመም ነው። በሕጉ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ ይከፈልበታል፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ደረስሽ እንበል፣ አላህ አያድርገው። ደሞዝሽ 6,000 ነው። ግብሩ 700፣ ጡረታው 420፣ የሚቀረው 4,880። ተቆራጩ ሳይነካ 3,300 ከተነሳ 1,580 ብር ይዘሽ ነው የምትታከሚው። በዚያ ወር በተከፈለሽ ደሞዝ ሲሶ፣ ማለትም በ2,000 ብር ላይ ቢቆም ግን 2,880 ይቀርሻል። ሲሶው በመደበኛው ደሞዝ ይሰላ ወይስ በዚያ ወር በተከፈለው የሚለው ታመሽ ተኝተሽ የምትከራከሪበት ነገር አይደለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ውሉ ላይ አስገቢ፦ «ደሞዝ በሕመም ምክንያት በሚቀንስበት ወር ተቆራጩ በዚያ ወር ከተከፈለው ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም፤ ያልተቆረጠው ወደ ብድሩ መጨረሻ ይዞራል።» አንድ ሁለት ቦታ ይህን አስጽፈን ያለ ጭቅጭቅ ሠርቷል። የወሊድ ፈቃድ ግን ሙሉ ደሞዝ ስለሚከፈልበት ተቆራጩም እጅሽ ላይ የሚደርሰውም አይለወጥም።

ሥራ ብትለቂስ? በስድስተኛው ወር መጨረሻ፣ ሰኔ ላይ፣ በቀሪ እዳ ስሌት ያለብሽ 18,000 ብር ነው። ወለዱ በሙሉው ላይ ከተሰላ ግን አሠሪው የቀሩትን ስድስት ክፍያዎች ደምሮ 19,800 ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ገና ያልደረሰውን ወለድ ጨምሮ። አብዛኛው ውል ደግሞ «ሥራ ሲለቅ ቀሪው በአንድ ጊዜ ይከፈላል» ይላል። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ሲቀየርና የመጨረሻው ደሞዝ ሲታከል ይህን ላይሸፍን ይችላል። ቀድሞ ሲከፈል ያልደረሰው ወለድ ይሰረዛል የሚል ቃል አለው ወይ ብለሽ እይ።

ያኔ ደግሞ ዋሱ አለ። ዋስ እንደሚጠይቁሽ አልጠራጠርም፤ አብሮሽ የሚሠራ ሰው ይፈርምልሻል። ይህን ከራሴ ነው የምነግርሽ። ከዓመታት በፊት ደሴ ስሠራ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ፈረምኩለት። ጥሩ ልጅ ነበር። አራት ክፍያ ሲቀረው ድንገት ወጥቶ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። አራት ወር ከእኔ ደሞዝ ላይ ተቆረጠ። ያሳዘነኝ መቆረጡ አልነበረም፣ ፈርሜያለሁና። ያሳዘነኝ ሂሳብ ክፍሉ የእሱን የመጨረሻ ደሞዝና የፈቃድ ክፍያ ሳያቀናንስ ሸኝቶት እዳውን በሙሉ ወደ እኔ ማዞሩ ነው። ሠንጠረዥ አልነበረም፣ ወረቀት አልነበረም፤ ስንት እንደቀረበት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም በቃሉ። ዋስሽ የሚሆነው ሰው የአንቺን ሠንጠረዥ ቅጂ ይያዝ። ለእሱም ክብር ነው፣ ለአንቺም ይቀልሻል።

ብድሩ ወለድ የሌለው ከሆነ፣ በእኛ አካባቢ አንዳንድ ሠራተኛ የሚፈልገው እንደዚያ ስለሆነ፣ ስሌቱ አጭር ነው፦ በወር 3,000 ይቆረጣል፣ 5,910 ይደርስሻል፣ ከጥር እስከ ታኅሣሥ አይለዋወጥም። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚባል ነገር ካለ ግን መቼ እንደሚቆረጥ ጠይቂ። ብድሩ ሲሰጥሽ ከላዩ ላይ የሚነሳ ከሆነ 36,000 ፈርመሽ ያነሰ ገንዘብ ነው ወደ ሐይቅ የምትልኪው፤ የቆርቆሮውን ሂሳብ ስታወጪ ይህን አስቢ።

የመጨረሻው ወር ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ፔሮሉ ላይ ተቆራጩ «በየወሩ» ተብሎ ከተሞላና የማቆሚያ ወር ካልተጻፈለት በአሥራ ሦስተኛውም ወር ይቆርጣል። ማንም አይደለም ተንኮል የሚሠራው፤ ያለፈውን ወር ፋይል ገልብጠው ቀን ብቻ ስለሚቀይሩ ነው። አንዲት ሠራተኛ ሦስት ወር ተርፎ ተቆርጦባት «ብድሩ አላለቀ ይሆናል» ብላ ዝም ብላ ነበር። ቁጥሩን ያገኘነው እኛ ነን፣ ስንመረምር። አንቺ በታኅሣሥ መጨረሻ ሂሳብ ክፍል ሄደሽ ብድሩ ማለቁን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበይ። ዋስሽም ከዋስትናው መነሳቱ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍለት። የሚቀጥለው ጥር ፔይ ስሊፕ ላይ የብድር መስመሩ ባዶ መሆን አለበት። የተጣራው ደግሞ ጭማሪ ካላገኘሽ 8,910፣ ሺህ ብር ከተጨመረልሽ 9,540 ሆኖ መመለስ አለበት። ካልሆነ በዚያው ሳምንት ጠይቂ፤ የካቲትን አትጠብቂ።